ትዝታ ሜጀር ለምን ያስለቅሳል?

ኪቦርድ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሰማቸው ነገሮች አንዱ «ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የሐዘን ነው» የሚለው ነው። ሲሰሙትም እውነት ይመስላል። አስተማሪው ዶን፣ ሚንና ሶልን አንድ ላይ ይጫናል፤ ድምፁ ፈካ ይላል። ከዚያ ሚን ትቶ በግራዋ ያለችውን ጥቁር ቁልፍ፣ ሚ ፍላትን፣ ይጫናል፤ ድምፁ ደመና ይለብሳል። ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ያው ተማሪ ቤቱ ገብቶ ትዝታ ሲከፍት ግን ደብተሩ ላይ የጻፈው ይፈርሳል። የምንሰማቸው አብዛኞቹ የትዝታ አዘፋፈኖች በትዝታ ሜጀር ናቸው። ቅኝቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ አምስቱም ነጭ ቁልፎች ናቸው፣ ሚዋም ያቺው «የደስታ» ሚ ናት። በዚህ ቅኝት ነው ሰው አገሩን፣ ወጣትነቱን፣ ያጣውን ሰው እያሰበ አንገቱን የሚደፋው። ሕጉ ትክክል ከሆነ ትዝታ ሜጀር የሠርግ ዘፈን ብቻ መሆን ነበረበት።

ብዙ ሰው ይህን «የእኛ ሙዚቃ ከፈረንጅ ሕግ ውጭ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ፈረንጆቹም ቤት ሕጉ በየቦታው ይሰበራል። ሜጀርና ማይነር ምን እንደሚሠሩ በትክክል ከለየን ትዝታ ሜጀር ልዩ ሆኖ ሳይሆን ሕጉን ራሱን የሚያስረዳ ምሳሌ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ኪቦርድ ያለው ከፍቶ፣ የሌለው ስልኩ ላይ የፒያኖ አፕ አውርዶ አብሮኝ ቢጫን ጥሩ ነው። ይህን ነገር በጆሮ ካልሰሙት በንባብ ብቻ አይገባም።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ከፒያኖው መሐል ያለችው ዶ በሰከንድ 261.6 ጊዜ ትርገበገባለች። ከሷ በላይ ያለችው ሚ 329.6፣ ሚ ፍላት ደግሞ 311.1። ስለዚህ በሜጀርና በማይነር ኮርድ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስቱ ድምፆች በአንዱ ላይ ብቻ የሆነ፣ 18 ተኩል ያህል እርግብግቢት ነው፤ ባለሙያ ግማሽ ድምፅ ይለዋል። ዶም ሶልም አልተነኩም። ይህች ትንሽ ልዩነት ስሜትን ትለውጣለች ከተባለ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዱ የቆየ ማብራሪያ ከክሩ ይነሳል። አንድ የክራር ክር ሲመታ በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይርገበገብም፤ በግማሹ፣ በሲሶው፣ በሩቡና በአምስተኛውም ይርገበገባል። ክሩ ዶ ከሆነ በአምስተኛው ክፍሉ የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ ሚ ነው፤ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ። በሌላ አነጋገር ሜጀሯ ሚ በዶ ሆድ ውስጥ ቀድማ አለች። ሚ ፍላት ግን እዚያ ቅርብ ቦታ ላይ አትገኝም። ስለዚህ ሜጀር ኮርድ ከክሩ ጋር ሲስማማ ማይነሩ ከክሩ ጋር ትንሽ ይሻከራል። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሚያስረዳው ለስላሳነትን እንጂ ደስታን አይደለም። ለስላሳ ነገር ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ ሲያስተኙን የሚዘመርልን እሹሩሩ ያስጨፍረን ነበር። ከዚህም አልፎ፣ ለስላሳነትን መውደድ ራሱ የሁሉም ሰው ላይሆን ይችላል፦ በቦሊቪያ ከሚኖሩት የጺማኔ ሰዎች ጋር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት የሚስማሙትንና የሚሻከሩትን ኮርዶች እኩል ደስ የሚሉ አድርገው እንደሚሰሟቸው አሳይቷል።

ሌላው ማብራሪያ ከአነጋገር ይነሳል። ያዘነ ሰው ቀስ ብሎ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ድምፁን ብዙ ሳያወጣና ሳያወርድ ይናገራል። ማይነር ሦስተኛ የምትባለው ከዶ እስከ ሚ ፍላት ያለችው ርቀት፣ ሜጀር ሦስተኛ ከምትባለው ከዶ እስከ ሚ ካለችው ርቀት ጠበብ ያለች ናት፤ ሚ ፍላትም ከሚ ዝቅ ያለች ናት። ጆሯችን «ከሚጠበቀው ዝቅ አለ» ብሎ ሲሰማ ያዘነ ሰው ንግግር ይታወሰዋል ነው ሐሳቡ። ይህኛው ለኔ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም ማይነርን ብቻውን አያቆመውም። ያዘነ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም፣ ጉልበቱም፣ ትንፋሹም ይለወጣል። ማይነር ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ደግሞም ትልቁ አይደለም።

ትልቁ የቱ እንደሆነ ተሞክሯል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬት ሄቭነር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጫጭር ሙዚቃዎችን አንዴ በሜጀር አንዴ በማይነር፣ አንዴ ፈጣን አንዴ ዝግ አድርጋ እያስጫወተች አድማጮች የሚስማማቸውን ቅጽል እንዲመርጡ ታደርግ ነበር። ማይነሩ ወደ ሐዘን፣ ሜጀሩ ወደ ደስታ መሳቡ ታየ፤ ነገር ግን ይበልጥ የሳበው ፍጥነቱ ነበር። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕፃናትን ወሰደ። የአምስት ዓመት ልጆች ደስተኛውንና ያዘነውን ሙዚቃ የለዩት በፍጥነቱ ብቻ ነበር። ሜጀርና ማይነርን ለዚህ መጠቀም የታየው ከስድስት ዓመት ጀምሮ ነው። ፍጥነት ከሰውነታችን ጋር ይመጣል፣ ሜጀርና ማይነር ግን ከምንሰማው ሙዚቃ የምንማረው ነገር ይመስላል። ቋንቋ እንደምንለምድ እንለምደዋለን።

እንግዲህ ወደ ኪቦርዱ። ይህቺን አጭር ዜማ በቀኝ እጅ፣ በዝግታ፣ በደቂቃ 60 ምት ያህል ይጫኑ፦ ሶል ላ ሶል ሚ፣ ሶል ሚ ሬ ዶ፣ ሬ ሚ ሬ ዶ ላ ዶ። የመጨረሻዋ ላ ከዶ በታች ያለችው ናት። በግራ እጅ ዶንና ሶልን ብቻ ያዙ፤ ሦስተኛዋን ድምፅ፣ ሚን፣ ግራ እጅ አይንካት። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ዜማዋ ተራ ናት፣ ግን ትዝታ የሚያደርገውን ታደርጋለች፦ ከላይ ትነሳለች፣ ደረጃ በደረጃ ትወርዳለች፣ ዶ ላይ ታርፋለች፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ብላ ላን ነክታ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ትዝታ ማይነር እንለውጣት። ሚ ሁሉ ሚ ፍላት፣ ላ ሁሉ ላ ፍላት ይሁን። ክራር ላይ ቢሆን ከአምስቱ የቅኝት ድምፆች የሁለቱን ክሮች በግማሽ ድምፅ ማላላት ነው፤ የቀሩት ባሉበት ይቆያሉ። ከአሥራ አራቱ ድምፆች የተለወጡት አምስት ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያዋ ትናፍቃለች፤ ሁለተኛዋ ታምማለች። በኔ ጆሮ ትዝታ ሜጀር «ያ ጊዜ እንዴት ደግ ነበር» ሲል፣ ትዝታ ማይነር «ያ ጊዜ ለምን አለፈ» ይላል። ሁለቱም ስለ ጠፋ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ግን አንዱ የጠፋውን ነገር ያያል፣ ሌላው መጥፋቱን።

ብዙ አስተማሪዎች እዚህ ላይ ቆመው «ያው ሚ ፍላት ነው ያደረገው» ይላሉ። እርግጠኛ ለመሆን ግን ሁለቱን ለውጦች መነጠል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሚን ብቻ ዝቅ አድርጉ፣ ላ እንደ ነበረች ትቆይ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ። ያችኑ ዜማ ተጫወቱ። ደመና አለ፣ ሐዘኑ ግን የጠበቃችሁትን ያህል አይደለም፤ የማይታወቅ አገር ሙዚቃ ይመስላል፣ እንዲያውም ትንሽ ጥርጣሬ ያለበት። ከዚያ ተቃራኒውን አድርጉ። ሚ ትመለስ፣ ላን ብቻ ዝቅ አድርጉ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አሁን ኮርዱ ሜጀር ነው። ግን ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሶል ስትሉ የሚሰማውን አድምጡ። ያ እንባ የሚያቀርበው ነገር በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው።

ምክንያቱም ከሶል እስከ ላ ያለው ሙሉ ድምፅ ነበር፤ ላ ፍላት ስትሆን ግማሽ ድምፅ ሆነ። ትዝታ ሜጀር ውስጥ አንድም ግማሽ ድምፅ የለም፤ ሁሉም ድምፅ ከጎረቤቱ በቂ ርቀት አለው፣ አይጋፉም። ትዝታ ማይነር ውስጥ ሁለት አሉ፦ በሬና በሚ ፍላት መካከል፣ በሶልና በላ ፍላት መካከል። ግማሽ ድምፅ ላይ የቆመ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ መውደቅ ይፈልጋል። ላ ፍላት ወደ ሶል ስትወድቅ የትንፋሽ መውጣት፣ «እህህ» የማለት ዓይነት ነገር ይሰማል። የአውሮፓ አቀናባሪዎችም ይህቺን ከላይ የምትወድቅ ግማሽ ድምፅ ለመቶዎች ዓመታት ለልቅሶ ተጠቅመውባታል። ስለዚህ «ማይነር ያሳዝናል» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው አንድ ላይ የምንጠራው፤ የሦስተኛዋን ድምፅ ቀለምና የግማሽ ድምፆቹን ውድቀት። ሦስተኛዋ ቀለሙን ስታጠቁረው፣ ሕመሙን ግን በአብዛኛው የምታመጣው በሰባቱ ድምፅ አቆጣጠር ከዶ ስድስተኛ የሆነችው ላ ፍላት ናት።

ይህን ከለየን ትዝታ ሜጀር ለምን እንደማይፈነድቅም ይገባናል። የአውሮፓ ሜጀር ሰባት ድምፅ አለው፤ ከነሱ ውስጥ ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ ይገፋሉ። ያ ግፊት ነው ሰልፍ የሚያስረግጠው፣ «ደረስን!» የሚያሰኘው። ትዝታ ሜጀር ፋም ሲም የለውም። ወደ ዶ የሚገፋው የለም፤ ዜማው ዶ ላይ የሚደርሰው ተገፍቶ ሳይሆን ወርዶ፣ ደክሞት ቁጭ እንደሚል ሰው ነው። የሜጀር ሦስተኛ አለው፣ የሜጀር ድል ግን የለውም። ሚዋ ሙቀት ትሰጣለች፤ ድል አድራጊነት ከሌሎቹ ነበር የሚመጣው፣ እነሱ ደግሞ የሉም።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛው ኪቦርድ የሚጫወቱትን ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነው። ያችኑ የትዝታ ሜጀር ዜማ በቀኝ እጅ እየተጫወታችሁ ግራ እጃችሁን ከዶና ሶል አንሥታችሁ ወደ ላና ሚ ውሰዱት። ከቀኝ እጅ አንድም ድምፅ አልተለወጠም፤ ስሜቱ ግን ተገለበጠ፣ ማይነር ሆነ። እንዴት? ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከላ ሲቆጠሩ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ባቲ ማይነር ነው። ከዶ የተነሣ ትዝታ ሜጀርና ከላ የተነሣ ባቲ ማይነር አንድ ዓይነት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ልዩነቱ ቤቱ የት ነው የሚለው ብቻ ነው። ሜጀርም ማይነርም የድምፆቹ ባሕርይ አይደሉም፤ ድምፆቹ ከማረፊያቸው ጋር ያላቸው ዝምድና ነው።

ትዝታ ሜጀር የሚዘፍን ሰው ይህን በመጽሐፍ ባያውቀውም በጉሮሮው ያውቀዋል። ዶ ላይ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ላ ላይ ይዘገያል፣ እዚያ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ያን ጊዜ ለአፍታ ቤቱ ላ ይመስላል፤ ማይነር ጥላ ያልፋል። ከዚያ ወደ ዶ ይመለሳል። በአንድ ሐረግ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ ያልፋሉ፤ በደብተራችን ላይ ግን «ሜጀር» ብለን ብቻ ነው የጻፍነው። ኮርዶቹን ብንቆጥርም ያው ነው። በትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ሙሉ ሆነው የሚሠሩት ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። በትዝታ ማይነር ደግሞ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር። እያንዳንዱ ቅኝት ተቃራኒውን በጉያው ይዟል።

የስልክና የኮምፒዩተር ቅኝት ለይ ፕሮግራሞችም እዚሁ ይሳሳታሉ። ከዶ የተነሣ ትዝታ ሜጀር ሲሰጧቸው አንዳንዴ «A minor»፣ ማለትም ላ ማይነር፣ ብለው ያወጣሉ፤ ድምፆቹን ይቆጥራሉ እንጂ ዘፋኙ የት እንዳረፈ ሁልጊዜ አይሰሙም። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ግራ እጁን ላ ማይነር ላይ የተከለ ኪቦርዲስት ዘፈኑን ሳያውቀው ባቲ ያደርገዋል፤ ዘፋኙም «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቀውም። መለያው ቀላል ነው፦ የዜማው የመጨረሻ ሐረግ የት ይቆማል? ያን ድምፅ በግራ እጅ ለብቻው ይዛችሁ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ስሙ። የሚያርፍ ከመሰለ ቤቱ እሱ ነው፤ የሚንገዋለል ከመሰለ ሌላውን ሞክሩ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፣ ይልቁንም በኪቦርድ ብቻ በሚታጀቡ ትዝታዎች ላይ። ግራ እጅ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ይዞ ሳይለቅ ይቆያል፣ የኪቦርዱም አውቶማቲክ ሪትም ከዚያ ላይ ቤዝና ጊታር ይጨምራል። ያን ጊዜ ትዝታው ከናፍቆት ወጥቶ ልደት ቤት ይገባል። ዘፋኙ ሚን ሊያለሰልሳት፣ ከሬ እየሳበ ሊያመጣት ይፈልጋል፤ ኪቦርዱ ግን ጠንካራዋን ሚ አስቀድሞ ቸክሏታል። በዚያ ላይ የፒያኖ ሚ ከክሩ የተፈጥሮ ሚ ትንሽ ከፍ ያለች ናት፤ አንድ ግማሽ ድምፅ ለመቶ ቢከፈል ልዩነቱ 14 ያህል ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እንደፈለገ ስለሚያሳርፍ ከሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ይመርጣል፣ ያም የሜጀሩን ብርቱነት ያለዝበዋል። ኪቦርዲስት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሌላ ማድረግ የሚችለው ግን አለ። ሚን ከግራ እጁ ያውጣት። ዶና ሶል ብቻ ይያዝ፣ ሦስተኛዋን ለዘፋኙ ይተውለት። ትልቅ ልዩነት ያመጣል፣ አንድም ገንዘብ አያስወጣም።

እስካሁን ፍጥነቱን አልነካንም። ትዝታ ማይነሯን መልሱና ከ60 ይልቅ በደቂቃ 130 ምት ያህል፣ ከችክችካ ሪትም ጋር ተጫወቷት። ሚ ፍላትም ላ ፍላትም አሉ፤ ትከሻ ግን ይነቃነቃል። የጠፋው ነገር ምንድን ነው? ላ ፍላት ወደ ሶል ስትወድቅ የነበረው «እህህ» ጊዜ አጣ። ትንፋሽ ለመምሰል ድምፁ መቆየት ነበረበት፤ በፍጥነት ሲያልፍ ቅመም ብቻ ሆነ። ማይነር በፈጣን ሙዚቃ ላይ ሐዘን መሆኑ ቀርቶ እልህ፣ ወኔ፣ ጉልበት ይሆናል። በማይነር ሰው ለምን ይጨፍራል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ከዚያ ፈጣን ጭፈራ በኋላ ሜጀር ቢመጣ አንዳንዴ ዘፈኑ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፤ ቅመሙ ወጣ።

ሜጀርን በዝግታ ለሐዘን መጠቀም የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ከላይ ብያለሁ። ግሉክ የተባለው አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ1762 ቪየና ላይ ባቀረበው ኦፔራ ኦርፌዎ ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ በሞት ካጣ በኋላ የሚዘፍነው የታወቀ እንጉርጉሮ በዶ ሜጀር ነው። ሐንስሊክ የተባለው የቪየና የሙዚቃ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ አንሥቶ፣ «አጣኋት» የሚለውን ቃል «አገኘኋት» ብንለው ዜማው ያንኑ ያህል ይስማማዋል የሚለውን ክርክር ተጠቅሞበታል። ሐሳቡ ዜማ ብቻውን የተለየ ስሜት አይናገርም የሚል ነው። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ዜማውን አፍጥኖ ለሚዘፍን ሰው እውነት ነው፣ «አገኘኋት» ይሆናል። በዝግታ፣ ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ ለሚዘፍነው ግን አይሆንም። በሜጀር የተባለ ሐዘን የሚጮኽ ሐዘን ሳይሆን ራሱን የያዘ፣ የሚወደውን ፊት በዓይኑ እያየ ያለ ሰው ሐዘን ነው። ይህ ለትዝታ አድማጭ አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከሕጉ የሚወጡት ዘፈኖች ከየት እንደሚመጡ በአንድ አባባል ማስቀመጥ ይቻላል፦ ሜጀርና ማይነር እንደ መራጭ ድምፅ ይሰጣሉ እንጂ እንደ ዳኛ አይፈርዱም። ፍጥነት አንድ ድምፅ አለው፣ ምናልባትም ሁለት። የዜማው መውጣትና መውረድ፣ የዘፋኙ አቀጣጠንና ጉልበት፣ ግጥሙ፣ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማንበት ቦታ ሁሉም አላቸው። ሌሎቹ ሲከፋፈሉ ሦስተኛዋ ድምፅ ሚዛኑን ትደፋለች፤ በደብተሩ ላይ ያለው ሕግ የተገኘው እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው፣ አስተማሪው ኮርዱን ብቻውን፣ ያለ ፍጥነትና ያለ ግጥም ሲጫነው። ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ከቆሙ ግን ትሸነፋለች። ሆኖም ስትሸነፍም ዝም አትልም፤ ትዝታ ሜጀር ያሳዝናል፣ ነገር ግን በሐዘኑ ውስጥ ያለው ሙቀት የሚዋ ነው።

ይህን ዘፈን ለሚሠራ ሰው በተግባር እንዲህ ይጠቅማል። «ዘፈኔ አላዘነልኝም፣ ወደ ማይነር ልቀይረው» ከማለት በፊት ቴምፖውን በ10 ምት ዝቅ አድርጎ መሞከር፣ ከዚያ ሦስተኛዋን ከአጃቢው ማውጣት፣ ከዚያ ዜማው ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ማድረግ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ስድስተኛዋን ድምፅ ብቻ ዝቅ ማድረግ፤ ሚን መንካት የመጨረሻው ነው። ከዶ ወደ ሬ ወይም ወደ ፋ ማንሣት ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። «ኪዩን ቀይረው» ሲባል ብዙ ጊዜ ይህ ይምታታል። መነሻውን መቀየር የዘፋኙን ጉሮሮ ያስጨንቃል ወይም ያሳርፋል፣ በዚያ በኩል ስሜትን ሊነካ ይችላል፤ ሜጀሩን ግን ማይነር አያደርገውም፣ የድምፆቹ ርቀት ያው ነውና። ስቱዲዮ ውስጥ አውቶቲውን የሚጠቀሙም ሜጀር የሚለውን ስኬል መርጠው መተው የለባቸውም፤ ሰባቱን ድምፆች ስለሚፈቅድ ዘፋኙ ከሶል ወደ ሚ ሲንሸራተት መሐል ላይ ፋን ይዞ ሊያስቆመው ይችላል፣ ትዝታ ውስጥ ደግሞ ፋ እንግዳ ናት። አምስቱን ብቻ ትቶ ሌሎቹን መዝጋት፣ የእርማቱንም ፍጥነት ማዘግየት ነው።

የሜጀርና ማይነር ንግግር ራሱ የት ላይ እንደሚያልቅ ደግሞ አምባሰል ያሳያል። ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚ የለም። ሚ ፍላትም የለም። ሦስተኛ ድምፅ ስለሌለው «አምባሰል ሜጀር ነው ማይነር?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ አንቺሆዬም እንዲሁ ነው። ሐዘንም ይሁን ግርማ፣ አምባሰል ስሜቱን የሚያገኘው ከዶ በላይ በግማሽ ድምፅ ከተቀመጠችው ከሬ ፍላት ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አትገባም።

ኪቦርዱ ገና ክፍት ከሆነ የመጨረሻውን ሙከራ እዚህ ላይ አድርጉ። በቀኝ እጅ በነዚህ አምስት ድምፆች ከላ ፍላት ተነሥታችሁ ወደ ዶ ውረዱ፣ ሬ ፍላት ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ግራ እጅ ዶንና ሶልን ይያዝ። ያ አምባሰል ነው። አሁን ቀኝ እጅ ምንም ሳይለውጥ ግራውን ወደ ፋና ዶ ውሰዱት። አምስቱ ድምፆች ከፋ ሲቆጠሩ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ናቸው፤ ማለትም ከፋ የተነሣ ትዝታ ማይነር። ያቺ ደጃፍ ላይ ቆማ የነበረችው ሬ ፍላት አሁን ስድስተኛዋ ድምፅ ሆናለች፣ ወደ ዶ ስትወድቅም «እህህ» ትላለች።